«ሥልጠናውን ከፍላችሁ ሥራ ትጀምራላችሁ» ሲሏችሁ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የፈለገ ሰው ይህን ማስታወቂያ ያውቀዋል። ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ የመብራት ምሰሶ ላይም ይለጠፋል። «አስቸኳይ! ሪሴፕሽን፣ ካሸር፣ ዳታ ኢንኮደር፣ ሱፐርቫይዘር። የትምህርት ደረጃ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ። የሥራ ልምድ 0 ዓመት። ደመወዝ 14,000 + ትራንስፖርት።» ከሥሩ የሞባይል ቁጥር አለ። የድርጅት ስም ግን የለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር በየቢሮው ይመሳሰላል። መጀመሪያ ትንሽ ብር ለምዝገባ ይጠየቃል። ቀጥሎ ጠቀም ያለ ብር ለሥልጠና ይከፈላል። ከሥልጠናው በኋላ ደግሞ «ድርጅቱ ይደውልላችኋል» ይባላል። የሚደውል የለም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች በአፋቸው ሥራ ይሰጧችኋል፣ ወረቀታቸው ላይ ግን የሚሸጡላችሁ ሥልጠና ነው። የምትፈርሙት ፎርም ቀጣሪና ተቀጣሪ አያደርጋችሁም። ሥልጠና የገዛ ደንበኛ ነው የሚያደርጋችሁ። ሦስት ቀን ፕሮጀክተር ፊት አስቀምጠው ሰርተፍኬት ከሰጧችሁ «ገንዘቡን ተቀበልን፣ ያሠለጠንነውም አሠለጠንን» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚያተኩሩት በአፍ የተባለውና በወረቀት የተጻፈው የሚለያዩበትን ቦታ ቀድሞ በማየት ላይ ነው።

አንደኛ፦ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ

ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅት ስሙ ማን ነው? የምመጣው ወደ ድርጅቱ ቢሮ ነው ወይስ ወደ አገናኝ ኤጀንሲ? ለምዝገባም ሆነ ለሥልጠና የምከፍለው ነገር አለ?

እውነተኛ ቀጣሪ ለሦስቱም መልስ አለው። «እኛ እገሌ ሆቴል ነን፣ የሰው ኃይል ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ክፍያ የለም» ይላችኋል። አጭበርባሪው ግን «ለብዙ ድርጅት ነው የምንቀጥረው»፣ «ስትመጪ ይነገርሻል»፣ «በስልክ አይሆንም» ይላል። ክፍያን በተመለከተ ደግሞ «ቅጥር በነፃ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ከአነጋገር አንጻር ውሸት አይደለም። የሚያስከፍለው ለሥልጠናው ነዋ።

ስለዚህ ጥያቄውን በጽሑፍም ላኩ። በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ እንዲህ በሉ፦ «ሥራ ለመጀመር ለምዝገባ፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም ወይም ለሌላ ነገር የምከፍለው ገንዘብ አለ ወይ?» መልስ ከሰጡ በእጃችሁ ማስረጃ ይኖራል። መልሱን በጽሑፍ ሳይሰጡ መልሰው የሚደውሉ ከሆነም አንድ ነገር አውቃችኋል። ይህ ሰው የጽሑፍ ዱካ መተው አይፈልግም።

ሁለተኛ፦ ቀጣሪውን ራሳችሁ ፈልጉት

የድርጅት ስም ከሰጧችሁ ያንን ስም በራሳችሁ መንገድ አጣሩ። እነሱ በሰጧችሁ ቁጥር አትደውሉ። የድርጅቱን ስልክ ከራሱ ድረ ገጽ ውሰዱ፣ ወይም በአካል ሄዳችሁ የሰው ኃይል ክፍልን ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በዚህ የሥራ መደብ ሰው እየቀጠራችሁ ነው? ይህን ቢሮ ሰው እንዲመለምልላችሁ ወክላችሁታል?»

ታዋቂ ስም በተነሳ ቁጥር ይህን ማድረግ የበለጠ ያስፈልጋል። በአየር መንገድ፣ በባንክና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስም የሚወጣ የውሸት ማስታወቂያ ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በማንኛውም የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ክፍያ እንደማይጠይቅ በግልጽ ያሳውቃል። በእሱ ስም «የፎርም ማስሞያ» የሚል ብር ከተጠየቃችሁ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም።

አንዳንዴ ማስታወቂያው ራሱ እውነተኛ ይሆናል። ጋዜጣ ላይ የወጣን ክፍት የሥራ ቦታ ገልብጠው ስልክ ቁጥሩን ብቻ በራሳቸው የሚተኩ አሉ። ስለዚህ ማስታወቂያውን ካያችሁበት የቴሌግራም ቻናል ወደ መጀመሪያው ምንጭ ተመለሱ። ጋዜጣው ላይ ያለው አድራሻና ቻናሉ ላይ ያለው አድራሻ ካልተገጣጠሙ ተዉት።

ሦስተኛ፦ ቢሮው ውስጥ ግድግዳውን አንብቡ

ቢሮው ብዙ ጊዜ ሕንፃ ላይ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ በርካታ ወንበር፣ የሚጠብቁ ወጣቶች ይታያሉ። ሰው መብዛቱ ያረጋጋል። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ልክ እንደ እናንተ ማስታወቂያ አይተው የመጡ ናቸው። ከመካከላቸውም ሰው ሲያመጡ ኮሚሽን የሚታሰብላቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

«ሕጋዊ ነን፣ ፈቃድ አለን» ብለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ ያሳዩዋችኋል። ፈቃዱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ፈቃድ መኖሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ የሥራ መስኩ ምን እንደሚል አንብቡ። «የማማከር አገልግሎት» ወይም «ሥልጠና» የሚል ከሆነ ይህ ቤት ሥልጠና ለመሸጥ እንጂ ሠራተኛና ቀጣሪ ለማገናኘት አልተፈቀደለትም። ፈቃድ ቁጥሩን በስልካችሁ አንሱና etrade.gov.et ላይ አስገብታችሁ የማን እንደሆነና የሥራ መስኩን አነጻጽሩ።

ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከንግድ ፈቃዱ ሌላ ከሠራተኛ ጉዳይ አስፈጻሚው አካል የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ የምትጠይቁት የከተማዋን የሥራና ክህሎት ቢሮ ነው። በአቅራቢያችሁ ያለው የክፍለ ከተማ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ይመራችኋል።

አሁን ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ ሕግ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ ነው ይላል። «በተዘዋዋሪ» የምትለዋን ያዟት። ምዝገባ፣ የሲስተም ክፍያ፣ የባጅ፣ የግዴታ ሥልጠና፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ሥራ ለማግኘት ብላችሁ የምትከፍሉት ከሆነ ኤጀንሲው ከእናንተ መውሰድ የለበትም። ኤጀንሲ ገንዘቡን የሚያገኘው ከቀጣሪው ነው።

ታዲያ ምንም ነገር አይከፈልም ማለት ነው? አይደለም። የጤና ምርመራ፣ የፖሊስ አሻራ፣ የሰነድ ማረጋገጫ የመሳሰሉትን ሥራ ፈላጊው ራሱ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ክፍያው ግን የሚፈጸመው ለሆስፒታሉ፣ ለፖሊስ፣ ለሰነድ ማረጋገጫው መሥሪያ ቤት ነው። «እኛ እናስጨርስላችኋለን፣ ብሩን ለእኛ ስጡን» ካሉ እምቢ በሉ። የሙያ ትምህርት ቤትም ያስከፍላል፣ ትክክልም ነው። ልዩነቱ ትምህርት ቤት «ሙያ አስተምራለሁ» እንጂ «ሰኞ ሥራ ትጀምራለህ» አይልም።

አራተኛ፦ ወረቀቱን እስከ ታች አንብቡ

የዚህ ሁሉ መቋጠሪያ ወረቀቱ ነው። አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንየው። ሰዎቹን ለማሳያ ነው ያመጣኋቸው፣ አካሄዱ ግን የተለመደው ነው።

አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ ለካሸር ሥራ ጠዋት 3 ሰዓት ትደርሳለች። 300 ብር የምዝገባ ትከፍላለች። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቃለ መጠይቅ ይደረግላታል፦ ስምሽ፣ የተማርሽው፣ የምትኖሪበት ሰፈር። ወዲያው «አልፈሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ» ትባላለች። ከዚያ ኃላፊ ነኝ የሚል ሌላ ሰው ይመጣና እንዲህ ይላል፦

«ቦታሽ ተይዟል። ድርጅቱ ያልሠለጠነ ሰው አይቀበልም። የአምስት ቀን የካስተመር ሰርቪስ ሥልጠና አለ፣ 3,500 ብር ነው። ዛሬ ካልከፈልሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። ሙሉው ከሌለሽ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ነገ።»

ፎርም ይሰጣታል። ከላይ በትልቁ የቢሮው ስምና ማኅተም አለ። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን ይህን ይመስላል፦ «ሠልጣኝ ለሥልጠና የከፈለው ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም። ተቋሙ ሠልጣኙ ሥራ እንዲያገኝ ድጋፍ ያደርጋል።»

እስኪ ይህን ወረቀት እንመርምረው። «ሠልጣኝ» ይላል፣ «ሠራተኛ» አይልም። «ድጋፍ ያደርጋል» ይላል፣ «ይቀጥራል» አይልም። የካሸርነቱ ሥራ የት ነው? የለም። 14,000 ብሩስ? የለም። ሥራ የሚጀመርበት ቀን? እሱም የለም። በአፍ የተነገራት በሙሉ ወረቀቱ ላይ ጠፍቷል። በአፍ ያልተነገራት ነገር፣ ማለትም ገንዘቡ እንደማይመለስ፣ ወረቀቱ ላይ አለ።

የሥራ ውል ቢያንስ የቀጣሪውን ስምና አድራሻ፣ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈል፣ ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ ይይዛል። እነዚህን በእስክሪብቶ እየፈለጋችሁ አንብቡ። አንዱም ከሌለ ፊታችሁ ያለው የሥራ ውል አይደለም። ተቀጥራችሁም ከሆነ፣ ለመልመድ የምታሳልፉት ጊዜ ሕግ ያውቀዋል። የሙከራ ጊዜ ይባላል፣ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ ደመወዝም ይከፈልበታል። የተቀጠረ ሰው ሥራ ሲለምድ ብር ይቀበላል እንጂ አይከፍልም።

ለማጣራት አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። ለኃላፊው እንዲህ በሉት፦ «የሥልጠናውን ክፍያ ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ ቁረጡልኝ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።» ሥራው እውነት ከሆነና 14,000 ብር የሚከፈልበት ከሆነ 3,500 ብሩ የት ይሄዳል? ሰውዬው የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፦ «የድርጅቱ አሠራር አይፈቅድም»፣ «አሠልጣኙ ሌላ ነው»፣ «ባለፈው እንዲህ ብለን ከስረናል»። ደመወዝ የለምና ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። እሺ ካለ ግን አለቀ ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ቀጣሪና ደመወዝ እስኪጻፍ ድረስ አትፈርሙ።

ሌላው፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ልትወጡ ጠይቁ። «ቤት ወስጄ ላንብበው፣ ነገ ፈርሜ አመጣለሁ።» ካልፈቀዱ ፎቶ አንሱት። ይህንንም ከከለከሉ ውጡ።

የልጅቷ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ሥልጠናው ሦስት ቀን ተኩል ይሆናል። ስለ ፈገግታና ስለ አለባበስ ስላይድ ታያለች፣ ሰርተፍኬት ይሰጣታል። ከዚያ አንድ ሱቅ ትላካለች፤ እዚያ ያሉት «እኛ ሰው አልፈለግንም» ይሏታል። ወይም ደመወዝ የሌለው፣ በኮሚሽን ብቻ እየዞሩ ዕቃ የመሸጥ ሥራ ይቀርብላታል። እምቢ ስትል «ሥራ ሰጥተናት ራሷ ተወችው» ይባላል። ስትናደድ ደግሞ «ሁለት ሰው ካመጣሽ ለእያንዳንዱ 500 ብር እናስብልሻለን» ይሏታል። ይህን የተቀበለ ልጅ ነገ ጓደኛውን ይዞ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ ከጓደኛው ጋር ያለው ነገር አይመለስም።

አምስተኛ፦ ገንዘቡ የሚሄድበትን ስም ተመልከቱ

ቴሌብር ላይ ቁጥር ስታስገቡ የሚስጥር ቁጥሩን ከመጫናችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። በባንክ መተግበሪያም እንዲሁ ነው። እዚያ ጋ ቆም በሉ። የመጣው የድርጅቱ ስም ነው ወይስ የአንድ ግለሰብ? «የካሸራችን ነው»፣ «የሥራ አስኪያጁ ነው» የሚባል ማብራሪያ አትቀበሉ። ፈቃድ ያለው ድርጅት በስሙ ሒሳብ ይከፍታል።

ደረሰኙም ይናገራል። ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ የተገዛ ባዶ የደረሰኝ ጥራዝ ላይ ስማችሁን ጽፈው ማኅተም ቢያደርጉበት ሕጋዊ ደረሰኝ አይሆንም። ሕጋዊው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደጻፉም እዩ። «የሥልጠና» ብለው ከሆነ «ለካሸር ቅጥር ተብሎ» የሚል እንዲጨምሩበት ጠይቁ። አይጨምሩም። ያን ጊዜ ብሩን ኪሳችሁ መልሱት።

ከከፈላችሁ በኋላ ከሆነ

በዚያው ቀን የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ከመጣላታችሁ በፊት ማስረጃ ሰብስቡ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያውን፣ ውይይቱን፣ የቻናሉን ስምና በ@ የሚጀምረውን መለያ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ማስታወቂያውን በተለይ አትርሱት። በወረቀቱ ላይ የሌለውን ሥራና ደመወዝ የያዘው እሱ ነው። የቴሌብር ወይም የባንክ የግብይት ቁጥሩንም አስቀምጡ።

ከዚያ ገንዘቡን የላካችሁበትን ተቋም አሳውቁ። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ራሳችሁ አረጋግጣችሁ የላካችሁትን ብር በስልክ ጥሪ ብቻ አይመልሱላችሁም። ተቀባዩም ብዙ ጊዜ ወዲያው ያወጣዋል። ማመልከታችሁ ግን በመዝገብ ይቀራል፣ ፖሊስ የሒሳቡን ባለቤት ሲጠይቅም ይጠቅማል።

ቀጥሎ ቢሮው ባለበት አካባቢ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ነው። እዚህ የሚያጋጥማችሁ መልስ «ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ክሰሱ» የሚል ሊሆን ይችላል። «ለሥልጠና ከፍዬ ነበር፣ ብሬን አልመልስ አሉኝ» ብላችሁ ካመለከታችሁ ይህን መባላችሁ አይገርምም። የእነሱን ወረቀት ነው የደገማችሁላቸው። አቤቱታችሁ መጀመር ያለበት ከውሸቱ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በዚህ ቀን በቴሌግራም ቻናል የካሸር ሥራ በወር 14,000 ብር ደመወዝ እንዳለ የሚገልጽ ማስታወቂያ አይቼ ሄድኩ። በቃለ መጠይቅ አልፈሻል፣ ተቀጥረሻል አሉኝ። ቅጥሩ እንዲጸና 3,500 ብር እንድከፍል ነገሩኝ። ይህን አምኜ በዚህ የግብይት ቁጥር ከፈልኩ። በኋላ ወደተባለው ድርጅት ስሄድ ምንም የቅጥር ጥያቄ እንዳላቀረበ ነገሩኝ። የሌለ ሥራ አለ ብለው አታለው ገንዘቤን ወስደዋል።»

የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚናገረው ስለዚህ ነው። የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ሐሰቱን እውነት አስመስሎ፣ ወይም እውነቱን ደብቆ፣ ሌላውን ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ነገር እንዲፈጽም ያደረገ በአታላይነት ይጠየቃል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ሊደርስ ይችላል። የአንቀጹን ቁጥር አቤቱታው ላይ መጻፍ ጥሩ ነው። «ተመላሽ አይሆንም» የሚለውን ፈርማችሁም ቢሆን አትፍሩ። ተታልሎ የፈረመ ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብቱን አያጣም።

ብቻችሁን ከምትሄዱ ሌሎቹን ፈልጉ። በሥልጠናው ላይ አብረዋችሁ የነበሩት አሉ፣ ብዙ ጊዜም የቴሌግራም ግሩፕ ይኖራችኋል። የአንድ ሰው 3,500 ብር አለመግባባት ሊመስል ይችላል። አሥር ሰው ተመሳሳይ ማስታወቂያ፣ ተመሳሳይ ፎርም፣ ተመሳሳይ ስልክ ቁጥር ይዞ ሲመጣ ግን አሠራሩ ራሱ ይታያል። ግሩፑ በእነሱ እጅ ከሆነ ከማስወጣታቸው በፊት የሰዎቹን ቁጥር ያዙ። ለሥራና ክህሎት ቢሮም አቤቱታውን አንድ ቅጂ አስገቡ። ኤጀንሲዎችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

በዚህ መካከል «ብራችሁን አስመልሳለሁ፣ ትንሽ የጉዳይ ማስፈጸሚያ ላኩ» የሚል ሰው ከደወለላችሁ አትላኩ። የተታለሉ ሰዎችን ስልክ የያዘው ያው ቢሮ ነው።

የቀረው ሰነዳችሁ ነው። ዋናውን ዲግሪ ወይም ትራንስክሪፕት ለምዝገባ ብለው ይዘውባችሁ ከሆነ በሰው ፊት ጠይቁ፣ ከከለከሉ አቤቱታችሁ ውስጥ አስገቡት። የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ ሰጥታችሁ ከሆነ ቀኑንና የሰጣችሁትን ሰው መዝግቡ። ከዚያ በኋላ በስልካችሁ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ «የምዝገባ ኮድ ነው፣ ላኪልን» ቢባል ለማንም አትስጡ። በስማችሁ ሒሳብ ወይም ሲም ካርድ ሊያወጡ የሚችሉት በዚያች ኮድ ነው።